ከ2s ወደ 1s፦ ለኤሌክትሮኑ የተዘጋው መንገድ

ምስል፦ የሃይድሮጅን ቱቦ፣ አጠገቡ የስፔክትረሙ መስመሮች።

ሰላም። እዚህ አዳማ ከፊዚክስ ተማሪዎች ጋር ስንቀመጥ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «የሃይድሮጅን ኤሌክትሮን ከ3p ኦርቢታል ወደ 2p መውረድ ክልክል ነው ተብለናል። ታዲያ ከ3 ወደ 2 ሲወረድ የሚመጣው የ656 ናኖሜትር ቀይ መስመር እንዴት እንዲህ ደምቆ ይታያል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ከ3 ወደ 2 የሚያወርደው መንገድ ብዙ መሆኑ ነው። ከ3s ወደ 2p፣ ከ3p ወደ 2s፣ ከ3d ወደ 2p መውረድ ይቻላል። የሁሉም ጉልበት እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብርሃናቸው አንድ መስመር ላይ ይደራረባል። አንዱ መንገድ ቢዘጋም መስመሩ አይጠፋም።

ክልከላው ራቁቱን የሚታየው 2s ላይ ነው። ከሥሩ ያለው እርከን 1s ብቻ ነዋ። ሌላ መውረጃ የለም ማለት ይቻላል።

ምስል፦ ሁለት ሰዓቶች። 2p፦ 1.6 ናኖሰከንድ። 2s፦ 0.12 ሰከንድ።

2p ላይ ያለ ኤሌክትሮን በ1.6 ናኖሰከንድ ገደማ የ121.6 ናኖሜትር አልትራቫዮሌት ፎቶን ለቆ 1s ላይ ያርፋል። 2s ላይ ያለው ግን በአማካይ 0.12 ሰከንድ ይቆያል። ከ70 ሚሊዮን እጥፍ በላይ ማለት ነው! የሁለቱ ጉልበት ደግሞ እኩል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ልዩነቱ የመጣው ከቅርጽ ነው።

አቶም ብርሃን የሚለቀው ኤሌክትሮኑ በሽግግር ላይ እያለ፣ ማለትም የሁለቱ እርከኖች ቅልቅል ሆኖ ሳለ ነው። 1s እና 2p ሲቀላቀሉ የቻርጁ ደመና ከኒውክሊየሱ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች ይመለሳል። ይህ የሚወዛወዝ ዳይፖል ነው፤ ልክ እንደ ሬዲዮ አንቴና ይረጫል።

ምስል፦ በግራ ላይና ታች የሚል ደመና፣ በቀኝ እንደ ኳስ የሚነፋና የሚሟሽሽ ደመና።

1s እና 2s ግን ሁለቱም ክብ ናቸው። ቅልቅላቸው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይነፋል፣ እኩል ይሟሽሻል። የቻርጁ መሃል ከኒውክሊየሱ ንቅንቅ አይልም። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ የኤሌክትሪክ ፊልዱ ምንም አልተለወጠም። ፊልዱ ካልተለወጠ ማዕበል ከየት ይመጣል?

በሒሳብ ስናየው ዳይፖሉን የሚሰጠን ይህ ኢንቴግራል ነው።

ምስል፦ ∫ ψ₁ₛ z ψ₂ₛ dV = 0

ከኒውክሊየሱ በላይ አንድ ነጥብ ውሰዱ፤ ከዚያ በተቃራኒው፣ ከታች ያለውን አቻውን። ሁለቱ ኦርቢታሎች በሁለቱም ነጥቦች እኩል ዋጋ አላቸው። z ግን ምልክቱን ይለውጣል። ጠዋት ያተረፋትን መቶ ብር ከሰዓት እንደከሰራት ነጋዴ ነው፤ ማታ ሲደመር ዜሮ። በ2p ጊዜ ግን ኦርቢታሉ ራሱ ምልክት ስለሚለውጥ፣ ሁለት ኔጌቲቭ ተባዝተው ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ድምሩም ይተርፋል።

ፎቶኑም የራሱን ድርሻ ይጠይቃል። በዳይፖል ሽግግር አንድ አሃድ አንግዩላር ሞመንተም ይዞ ይወጣል። ሁለቱን ስናጣምር የሴሌክሽን ሩሉ ይወጣል፦ Δl = ±1፣ Δm = 0 ወይም ±1። በ n ላይ ገደብ የለም።

ታዲያ 2s በመጨረሻ እንዴት ይወርዳል? ሁለት ፎቶን በአንዴ በመልቀቅ ነው። ሁለቱ 10.2 ኤሌክትሮን ቮልቱን እንዳሻቸው ይካፈላሉ። ስለዚህ የሚወጣው ስል መስመር ሳይሆን የተዘረጋ ብርሃን ነው። እንዲህ ያለው ብርሃን በሰማይ ላይ ካሉ በጣም ስስ የጋዝ ደመናዎች ይመጣል። ቱቦ ውስጥ ግን 0.12 ሰከንዱ ከመድረሱ በፊት ሌላ አቶም ይገጨዋል፣ ወይም የኤሌክትሪክ ፊልድ ያገኘዋል። ፊልድ ክቡን ቅርጽ ያዛባል፤ 2s ውስጥ ትንሽ 2p ይገባል። ያኔ የተዘጋው በር ይከፈታል፣ አቶሙም ወዲያው ይወርዳል።

ምስል፦ የአቶም ጨረር፣ ማይክሮዌቭ፣ የተንግስተን ሰሌዳ።

ፊዚሲስቶቹ ላምብ እና ሬዘርፎርድ በ1947 (እ.ኤ.አ.) የተጠቀሙት ይህንኑ የ2s ረጅም ዕድሜ ነው። በጨረር የሚጓዝ የ2p አቶም የሚሊሜትር መቶኛ ገደማ ብቻ ተጉዞ ይወርዳል። የ2s አቶም ግን ጉልበቱን እንደያዘ እስከ ሰሌዳው ይደርሳል፤ ከብረቱም ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል። በመንገድ ላይ ማይክሮዌቭ ለቀቁበት። የማይክሮዌቩ ድግግሞሽ 2sን ወደ 2p ከሚያሻግረው ጋር ሲገጥም ከሰሌዳው የሚመጣው ምልክት ቀነሰ። በወቅቱ የዲራክ ቲዮሪ 2s½ እና 2p½ እኩል ጉልበት አላቸው ይል ነበር። ልኬቱ ግን ወደ 1000 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ ልዩነት አሳየ። ዛሬ ላምብ ሺፍት የምንለው እሱን ነው።