በዶላር እየሠሩ ለብር ኑሮ መቆጠብ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ጭንቅላቴ ውስጥ የሚመላለስ ነገር አለና እሱን ላወራችሁ ነው።

እኛ እዚህ አሜሪካ ደሞዛችንን በዶላር እንቀበላለን። ብዙዎቻችን ግን ከምንቆጥበው ላይ ትልቁን ድርሻ የምናስበው ለአገር ቤት ነው። ቤት መግዛት አለ፣ እናት አባትን መጦር አለ፣ አንድ ቀን ደግሞ ጠቅልሎ መግባት። ገቢው በአንድ ገንዘብ፣ ወጪው በሌላ ገንዘብ ማለት ነው። ታዲያ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ከማንም አፍ የምትሰሙት አንድ ነገር ነው፦ «ዶላር እየጨመረ ስለሆነ እኛ ምን አለብን? ቁጭ ብለን መጠበቅ ነው።»

እኔ በዚህ አልስማማም። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

በ2014 ሐምሌ ላይ አንድ ዶላር በባንክ 52 ብር ገደማ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 2016 ላይ፣ 57 ብር ገደማ ደረሰ። ጨምሯል። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት አገር ቤት የዕቃ ዋጋ በአማካይ በግማሽ ገደማ ጨምሯል። እንግዲህ አስቡት፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ሺህ ዶላር 52 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በዚያ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ ከሁለት ዓመት በኋላ 78 ሺህ ብር ገባ። አንድ ሺህ ዶላራችሁ ግን የሚያመጣላችሁ 57 ሺህ ብር ብቻ ነው። ያንኑ ዕቃ ለመግዛት 1,370 ዶላር ያህል ያስፈልጋችኋል። ዶላር ጨመረ እያልን፣ በሕጋዊ መንገድ ለሚልክ ሰው ዶላሩ እየረከሰ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 29፣ 2024፣ ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን 74 ብር አለፈ። የፈረንጆቹ ዓመት ሳያልቅ ከ120 ብር በላይ ሆነ። የዕቃ ዋጋ ግን በዚያው ልክ እጥፍ አልሆነም። ምክንያቱን ነጋዴ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፦ ዕቃ አስመጪው ከዚያ በፊትም ዋጋውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ ጥቁር ገበያው ደግሞ ከባንኩ እጥፍ ገደማ ነበር። ጭማሪው ቀድሞ ዋጋው ውስጥ ገብቷል፤ ባንኩ ነው ዘግይቶ የደረሰበት።

እንግዲህ የብር ጠባይ ይሄ ነው፦ ለዓመታት ዶላራችሁን ቀስ እያለ ይሸረሽረዋል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይዘላል። መቼ እንደሚዘል ማንም አይነግራችሁም። ስለዚህ «ልጠብቅ ወይስ አሁን ልመንዝር?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ መልስ የለውም። መልስ ያለው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የምከፍለው ነገር በእርግጥ የየትኛው ገንዘብ ዕዳ ነው?

ከባለቤቴ ጋር አዲስ አበባ ላይ ከሪል እስቴት አፓርታማ ስንመለከት ይሄን ነው ቁጭ ብለን የተከራከርነው። የእኛን ሒሳብ ትቼ በክብ ቁጥር ልስጣችሁ። ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። 30 በመቶው፣ 1.8 ሚሊዮን፣ ቅድመ ክፍያ ነው። የቀረው 4.2 ሚሊዮን ግንባታው በደረሰበት ደረጃ በሦስት ዙር ይከፈላል። ከምንዛሪው ለውጥ በፊት በ57 ብር ሒሳብ ያ ቀሪ 73,700 ዶላር ገደማ ነበር። በ120 ብር 35,000 ዶላር ነው። ቤቱ ያው ቤት፣ ውሉም ያው ውል። ቀሪውን በሙሉ አስቀድሞ መንዝሮ ብር አካውንት ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን አጥቷል፤ ባንኩ የሰጠው ወለድ ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ወደ ዶላር ልመልሰው ቢል ደግሞ በቀላሉ አይመለስለትም። ብር አንዴ ከገባህ መውጫው ጠባብ የሆነ በር ነው።

ስለዚህ በብር የተቆረጠ፣ የማይለወጥ ዋጋ ያለው ውል ካላችሁ፣ የዋጋ ንረቱ አይነካችሁም፤ ዶላራችሁን ይዛችሁ የየዙሩን ክፍያ ጊዜው ሲቃረብ ብቻ መመንዘር ነው። በብር ባለዕዳ ሆኖ በዶላር ደሞዝተኛ መሆን የሚመች ቦታ ነው።

ግን ሻጩም ይሄን ያውቃል። ውሉ ውስጥ «የግንባታ ዕቃ ዋጋ ከዚህ በላይ ሲጨምር ዋጋው ይስተካከላል» የሚል አንቀጽ አለ ወይ? ካለ፣ ያ ውል በብር የተጻፈ የዶላር ውል ነው። ብረቱ፣ ሊፍቱ፣ ኬብሉ፣ አሉሚኒየሙ ዶላርን ነው የሚከተሉት። አንቀጹ ከሌለ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ፤ ወጪው ከአቅሙ በላይ የሆነበት ሻጭ ግንባታውን ያቆመዋል፣ ወይ ደግሞ ስብሰባ ጠርቶ ጨምሩ ይላል። በርካሽ ምንዛሪ ያተረፋችሁት በመዘግየት ይበላል። ስለዚህ ርካሹን ውል ሳይሆን ፎቁ የት እንደደረሰ ነው የማየው።

ይሄን ለማጣራት አዲስ አበባ ሲቪል መሐንዲስ ለሆነው ለአክስቴ ልጅ ደወልኩለት። ስለ ዋጋ ስጠይቀው፣ «ወንድሜ፣ አንተ የምታየው የቤቱን ዋጋ ነው። ፊኒሺንጉስ?» አለኝ። ትክክል ነው። ብዙ ቤት የሚሸጠው ከፊል ተጠናቆ ነው። ሴራሚኩ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃው፣ የኩሽና ካቢኔው፣ መብራቱ ገና ነው፤ ለእነሱም ማንም ዋጋ አልቆረጠላችሁም። አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ለፊኒሺንግ የምንይዘው ገንዘብ እስከ መጨረሻዋ ቀን ዶላር ሆኖ ይቆያል ብለናል። የሠራተኛ ክፍያ፣ አሸዋና ድንጋይ ግን አገር ውስጥ ካለው ኑሮ ጋር ነው የሚሄዱት፤ ለእነሱ በዛሬ ዋጋ ካሰብነው በላይ ጨመር አድርገን ይዘናል።

በነገራችን ላይ፣ ጥቁር ገበያ እያሰቡ ያን ሁሉ ስሌት የሚሠሩ ወዳጆች አሉኝ። ለሪል እስቴት ብሩ ከየት እንደመጣ የሚያሳይ የባንክ ወረቀት ኋላ ሊጠየቅ ይችላል፤ እኔ የማሰላው በባንክ ምንዛሪ ብቻ ነው።

ቤቱን እንዲህ መከፋፈል ይቻላል። ያስቸገረኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፣ ጠቅልሎ ከገቡ በኋላ ያለው ሃያ ሠላሳ ዓመት። የአሜሪካ ሶሻል ሴኩሪቲ በየዓመቱ ይስተካከላል፤ የሚስተካከለው ግን በአሜሪካ የዋጋ ንረት ነው። እዚህ ዋጋ በ3 በመቶ ሲጨምር ጡረታውም በ3 በመቶ ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ጤፍና የቤት ኪራይ በ30 በመቶ ቢጨምር፣ ምንዛሪው ደግሞ እንደ ድሮው ባለበት ቢረግጥ፣ ያ 3 በመቶ ምንም አይሠራም። ከሐምሌ 2014 እስከ ሐምሌ 2016 እንደነበረው ዓይነት ሁለት ዓመት በተከታታይ ቢመጣ፣ በዚያ ጡረታ የሚኖር ሰው ከኑሮው ሩቡን ያህል ያጣል፤ ለዚያ የሚሆን የዶላር መጠባበቂያ ያስፈልጋል። እኛ አሁን የምናሰላው የሁለት ዓመት ጉድለትን ነው፤ በዛሬ ወጪያችን የግማሽ ዓመት ወጪን ትንሽ ያልፋል፤ እሱን ከቤቱ ገንዘብ ለይተን ይዘናል። ባለቤቴ ሦስት ዓመት ይሁን እያለች ነው፣ ገና አልተስማማንም።