ይመለስ ይሆን? ጠዋት 4 ሰዓት ላይ የተጠየቀ ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ።

እኛ ጎጃም የለመድነው ኮከብ ቆጠራ የራስንና የእናትን ስም ቆጥሮ ለ12 መግደፍ ነው። ሰዓት አይጠይቅም። ሆራሪ የሚባለው ግን በሰዓት የቆመ ነው። ጥያቄው የተጠየቀበት ደቂቃና ቦታ ይያዝና ቻርት፣ ማለትም የዚያ ደቂቃ የሰማይ ካርታ፣ ይወጣል። የሄደ ፍቅረኛ ይመለስ እንደሆነ ሲጠየቅ፣ በዚያ ደቂቃ በምሥራቅ የሚወጣው ኮከብ ገዢ ፕላኔት ጠያቂዋ ናት። የትይዩው፣ የሰባተኛው ቤት ገዢ ደግሞ የሄደው ልጅ ነው።

አንዲት የቡሬ ልጅ ቻርቷን ላከችልኝ። ከጓደኛዋ ተለያይታለች። ጥቅምት ላይ፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ "ይመለስ ይሆን?" ብላ ጠይቃለች። ቻርቱን በሚያወጣው አፕ ላይ 4:00 ብላ ሞላች። ለአፑ ይህ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፤ መሞላት የነበረበት 10:00 ነው።

ስሕተቱን የነገረችኝ ፀሐይ ናት። ጠዋት 4 ሰዓት ፀሐይ ወጥታለች፤ በቻርቱ ላይኛው ግማሽ መታየት አለባት። እሷ ቻርት ላይ ግን ከአድማሱ በታች ተቀምጣለች።

አሁን ጉዱን ስሙ። በተሳሳተው ሰዓት የሚወጣው ሰንቡላ ነው። ገዢው ሜርኩሪ ስለሆነ ልጅቷ ሜርኩሪ ሆነች፤ ልጁ ጁፒተር። በትክክለኛው ሰዓት የሚወጣው ቀውስ ነው። እሷ ጁፒተር፣ እሱ ሜርኩሪ። በስድስት ሰዓት ልዩነት ፕላኔቶቹ ብዙም አልተንቀሳቀሱም፣ ሰዎቹ ግን ቦታ ተለዋወጡ። ያን ቀን ሜርኩሪ ወደ ኋላ እየተጓዘ ነበር። በመጀመሪያው ቻርት ተመላሿ እሷ ናት፣ በሁለተኛው እሱ ነው።

ታዲያ ይመለሳል? ሜርኩሪ ሚዛን 9 ዲግሪ ላይ ነው፣ ጁፒተር ደለዊ 4 ዲግሪ ላይ። ሜርኩሪ ወደ 4 እየቀረበ ነው፤ ቢደርስ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ይሞላል፣ ይህም መልካም ግንኙነት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ይመጣል!" ብሎ ይዘጋዋል። እኔ ግን የየዕለቱን የፕላኔቶች ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ሜርኩሪ 6 ዲግሪ ሲደርስ ይቆምና ፊቱን አዙሮ ወደ ፊት ይሄዳል። ጁፒተር ጋ አይደርስም። በደንቡ ሲነበብ፣ ልጁ ልቡ ይከጅላል፣ ምናልባት ይደውል ይሆናል፣ ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህ የሆራሪ ንባብ ነው፤ በሳይንስ የተረጋገጠ ነገር የለውም። ለእሷም እንዲሁ ብዬ ነገርኳት። ዝም አለች። ቆይታ፣ "እትዬ፣ ነገ በትክክለኛው ሰዓት እንደገና ልጠይቅ?" አለችኝ። አይሆንም አልኳት። በዚህ ሙያ አዲስ ነገር እስካልተፈጠረ ድረስ አንዱን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅ አይፈቀድም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ነው የሚታየው። ከደወለላት ያኔ ጥያቄው ሌላ ይሆናል።