አንድ ሥልጠና፣ ሁለት ማስታወቂያ

የተከበራችሁ የማሠልጠኛ ማዕከላት የምዝገባ ክፍል ባልደረቦቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ነሐሴ ሲገባ ሁላችንም አንድ ዓይነት ማስታወቂያ እንለጥፋለን። «ምዝገባ ጀምረናል! በብቁ መምህራን፣ በዘመናዊ ወርክሾፕ፣ በተመጣጣኝ ክፍያ!» ከሥሩ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ ከላይ ቆብ የደፋ ወጣት ፎቶግራፍ። እኔም ይህንኑ ለዓመታት ስለጥፍ ኖሬያለሁ። ሥራዬ መዝጋቢነት ነው፤ ማስታወቂያ መጻፉ የተጨመረብኝ «አንተ እጅህ ለጽሑፍ ይቀናል» ተብዬ ነው። ደመወዙ ግን አልተጨመረም።

በአንዱ ክረምት ከስልኩ አጠገብ ደብተር አስቀመጥኩና የሚደውለው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀውን ብቻ መመዝገብ ጀመርኩ። በቴሌግራም የሚመጣውንም እንዲሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ሳገላብጥ ስለ መምህራኑ ብቃት የጠየቀ አንድም ሰው አላገኘሁም። ወላጆች የሚደውሉት በቀን ነው፤ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ጠቅላላው ስንት ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ስንት ሰዓት ይለቀቃሉ?» ነው። ልጆቹ የሚጽፉት ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ የሚጠይቁትም «ሒሳብ ይበዛዋል?»፣ «12ኛ ያልመጣለት ይገባል?»፣ «ለሴት ይሆናል?» እያሉ ነው። ሁለቱ ወገኖች ስለ አንድ ሥልጠና ሲጠይቁ በአንዲት ጥያቄ እንኳን አይገናኙም። ያን ጊዜ ነው ማስታወቂያውን ለሁለት የከፈልኩት።

በዚህ ዓመት ለኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥልጠና የጻፍኳቸውን ሁለቱንም ላንብብላችሁ። ለወላጆች የተጻፈው እንዲህ ይላል፦

«ለወላጆች። የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥልጠና፣ 2018 ዓ.ም.። ሥልጠናው 4 ወር ይፈጃል። ከመመዝገቢያ እስከ መጨረሻው ወር የሚከፈለው ጠቅላላ 8,400 ብር ነው። ይህም መመዝገቢያ 300 ብር፣ በየወሩ 1,800 ብር፣ ለፒንሳ፣ ለመፍቻና ለቴስተር 900 ብር ነው። ሌላ የምንጠይቀው ክፍያ የለም። ሥልጠናው ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30 ነው። ከክፍል መቅረት ካለ በዚያው ቀን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት እንደውልልዎታለን። የተዘረጋ መስመር ሁሉ አሠልጣኙ ሳይፈትሸው ኃይል አይለቀቅበትም።»

ለተማሪዎች የተጻፈው ደግሞ ይህ ነው፦

«እቤት ምጣድ ሲሰካ ብሬከሩ ለምን ይወድቃል? 3,300 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት 15 አምፔር ይስባል። ብሬከሩ የ10 አምፔር ከሆነ ጥቂት ቆይቶ ይወድቃል። የሚያስፈልጋችሁ ሒሳብ ይኸው ነው፤ ዋቱን ለቮልቱ ማካፈል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽቦ ትልጣላችሁ፣ በእንጨት ሰሌዳ ላይ አንድ ማብሪያ ማጥፊያና አንድ አምፖል ታገናኛላችሁ። በሦስተኛው ሳምንት አንዱን አምፖል ከደረጃው ሥርም ከደረጃው አናትም ታበሩታላችሁ። 10ኛ ክፍልን የጨረሳችሁ ሁሉ ትመዘገባላችሁ። ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 6፡30፤ 4 ወር፤ ጠቅላላ 8,400 ብር። 2018 ዓ.ም.።»

ዋጋው፣ ሰዓቱና ዓመተ ምሕረቱ በሁለቱም ውስጥ አንድ መሆኑን አስተውላችኋል። ይህን ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። መጀመሪያ ስከፍለው የልጆቹን ጽሑፍ ከስልካቸው ሰዓት ጋር ላስማማ ብዬ «8:30» አልኩ፤ የወላጆቹን «2፡30» አልኩ። አንድ ልጅ በእኛ አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከሰዓት በኋላ መጣ፤ በሩ ተዘግቷል። እናቱ በማግስቱ ደውለው «እናንተ ለእኔ ሌላ፣ ለልጄ ሌላ ትናገራላችሁ እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ቤት ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ስልክ ላይ እንደሚገናኙ ረስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክፍያ፣ ቀንና ሰዓት ያሉባቸውን መስመሮች መጀመሪያ ለብቻቸው እጽፋለሁ፤ ከዚያ ሳልነካካቸው ወደ ሁለቱም እገለብጣለሁ። «ከጠዋቱ» የሚለውንም ቃል አልተውም።

ስለ ዋጋው ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን «በወር 1,800 ብር ብቻ» ብለን እንጽፋለን፤ ቁጥሩ ያንስልናልና። ወላጅ ግን መስከረምን ያውቀዋል። የታናናሾቹ ደብተርና የደንብ ልብስ አለ፣ የዓመት በዓሉ ወጪ ገና አልተነሣም፣ መስቀል ደግሞ ይከተላል። «በወር» የሚለውን ሲያነብ በልቡ የሚያሰላው ያልተጻፈውን ነው። ጠቅላላውን ስናወጣ አንዳንዱ ደንግጦ ይቀራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የመሣሪያውን 900 ብር በሁለተኛው ሳምንት ስንጠይቀው ልጁን ይዞ ከሚወጣው ይህ ይሻላል። አቋርጦ የሄደ ሠልጣኝ ባዶ ያደረገው ወንበር በመሐል አይሞላም።

አሁን ለወላጆቹ የጻፍኩትን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ፤ ስለ ኃይል መለቀቅ የሚለውን። ኤሌክትሪክ ሲባል የእናት ሆድ ይባባል። ወርክሾፓችን ውስጥ የሚደረገው ይህ ነው፦ ሠልጣኙ ኃይል በሌለበት ሰሌዳ ላይ ይዘረጋል፣ አሠልጣኙ እያንዳንዱን ማያያዣ ይስባል፣ በመለኪያ ይፈትሻል፣ ዋናውን ብሬከር የሚያነሣው እርሱ ነው። ወላጅ ይህንን ሊያውቅ ይገባዋል። የተማሪዎቹ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ብናስቀምጠው ግን «ሕፃናት አድርገው ያዩናል» ይላሉ። ስለዚህ እነርሱ መጀመሪያ የሚያነቡት አምፖሏ ስትበራ ነው፤ ስለ ፍተሻው ክፍል ሲገቡ ከአሠልጣኙ አፍ ይሰሙታል። ውሸት አልተነገረም፤ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ግን የራሳችን ሰዋስው ነው። አማርኛ «ትማራለህ» ካለ ወንድን ጠራ፣ «ትማሪያለሽ» ካለ ሴትን ጠራ፤ አንዱን ወጣት ያለ «እርስዎ» ሲጠራ መካከለኛ መንገድ የለውም። የድሮው ማስታወቂያችን «የኤሌክትሪክ ባለሙያ ትሆናለህ!» ይል ነበር። አንዲት እናት ደውለው «ለሴት አይፈቀድም?» ሲሉኝ ገረመኝ፤ ይፈቀዳል እንጂ! ግን ጽሑፉ ከልክሏቸዋል። እዝባሩን አስገብተን «ትሆናለህ/ትሆኛለሽ» እያልን ብንሞክር ንባቡ እንደ ጎርባጣ መንገድ አንገጫገጨ። የቀለለው ብዙ ቁጥር ነው፦ «ትልጣላችሁ»፣ «ታገናኛላችሁ»፣ «ታበሩታላችሁ»። ለወላጆች ሲጻፍ ወጥመዱ ሌላ ነው፤ «ልጅዎ» ለሁለቱም ይሆናል፣ ወዲያው የሚከተለው ግሥ ግን ያጋልጠናል፦ «ልጅዎ ከቀረ እንደውላለን» ካልን ሴቷ ወጣች። «ከክፍል መቅረት ካለ» ያልኩት ለዚህ ነው። ጥቂት የቢሮ ሽታ አለው፤ አውቃለሁ።

ፎቶግራፉንም አብራችሁ አስቡ። ቃሉን አስተካክላችሁ ምስሉ ላይ አራት ወንዶች ብቻ ከቆሙ የተስተካከለ ነገር የለም። የእውነተኛ ሠልጣኞቻችሁን ፎቶግራፍ ስትጠቀሙ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ 18 ዓመት ላልሞላቸው ወላጅንም ጭምር።

የ12ኛ ክፍልን ነገር ሳላነሣ አላልፍም። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ማስታወቂያችንን ከሚያነቡት ልጆች ብዙዎቹ ከቀሪዎቹ ወገን ናቸው ማለት ነው። «ውጤት አልመጣላችሁም? አትጨነቁ!» የሚል ጽሑፍ በየዓመቱ አያለሁ። ልጁ ይህንን ለጓደኛው አያስተላልፍም፤ ማስተላለፍ ራስን መንገር ነውና። «10ኛ ክፍልን የጨረሳችሁ ሁሉ ትመዘገባላችሁ» ሲባል ግን ወድቋልም አልፏልም ሳይባል መግባት እንደሚችል ያውቃል።

በወላጆቹ በኩል ያለው አደገኛ ቃል ሲኦሲ ነው። «የሲኦሲ ሰርተፍኬት እንሰጣለን» ብላችሁ አትጻፉ። የሙያ ብቃት ምዘናውን ምስክር ወረቀት የሚሰጠው መዛኙ አካል እንጂ አሠልጣኙ አይደለም። እኛ የምንሰጠው ሥልጠናውን ስለ መጨረስ የሚመሰክር ወረቀት ነው፤ ምዘናውን ተፈትኖ ማለፍ የሠልጣኙ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች በወላጅ አእምሮ ውስጥ ከተቀላቀሉ በአራተኛው ወር ቢሮ ድረስ መጥተው የሚጠይቁት ጥያቄ ይኖራል፤ ትክክልም ናቸው። «ሥራ እናስቀጥራለን» የሚለውንም እንዲሁ።

ቴሌግራም የሌላቸው ወላጆች ብዙ ስለሆኑ አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንልካለን። እዚህ ላይ ፊደላችን ዋጋ ያስከፍላል፦ በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ሆሄ ሲይዝ በእኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። 71ኛዋ ስትጨመር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የሁለት ዋጋም ይታሰባል። ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራሉ። የእኔ ይህ ነው፦ «የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥልጠና፣ 4 ወር፣ ጠቅላላ 8,400 ብር። ምዝገባ እስከ መስከረም 25።» 58 ሆሄ ነው። አንድ ክፍት ቦታና አሥር አሃዝ ያለው ስልክ ቁጥር ሲጨመርበት 69 ይሆናል። አንዲት ሆሄ ተረፈችን ማለት ነው፤ «ውድ ወላጆች» የሚል ሰላምታ ግን አልገባም። ቅር ያለው ሰው እስካሁን አልደወለም።

የመጨረሻው ስለ ማረም ነው። ቴሌግራም ላይ የለጠፋችሁትን ብታስተካክሉ በቻናላችሁ ያለው ይታረማል፤ ሰዎች ቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያስተላለፉት ቅጂ ግን እንዳለ ይቀራል። ያለፈው ዓመት ዋጋችን እስከ አሁን በአንድ የሰፈር ግሩፕ ውስጥ ይዞራል፤ ሰዎች ይዘውት ይመጣሉ። ዓመተ ምሕረቱን በሁለቱም ጽሑፎች ውስጥ የከተትኩት ለእነርሱ ነው፤ ጣቴን አስቀምጬ ላሳያቸው።

ከሻይ በኋላ የየራሳችሁን ማስታወቂያ ይዛችሁ ወደ ፊተኛው ጠረጴዛ ኑ። ደብተሩንም አምጥቻለሁ፤ የወላጆቹን ጥያቄ በቀይ፣ የልጆቹን በሰማያዊ አስምሬበታለሁ። የእናንተ ጽሑፍ የትኛውን እንደሚመልስ እያነበብን እናያለን። አመሰግናለሁ።