ውስጥ የቀረ ሰው አለ? ለየፎቁ ተጠሪዎች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የየፎቁ ተጠሪዎችና ተጠባባቂዎች፣ የጥበቃና የጽዳት ክፍል ባልደረቦች፤ እንደምን አደራችሁ።

እዚህ አዲስ አበባ 939 ተደውሎ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ግቢያችን ሲደርሱ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልጉት ውስጥ ሰው መቅረቱንና የቀረበትን ቦታ ነው። «ስድስተኛ ፎቅ፣ በኋላው ደረጃ በኩል አንድ ሰው አለ» ከተባሉ በቀጥታ ወደዚያ ይወጣሉ። «አናውቅም» ከተባሉ ግን ዘጠኙንም ፎቅ በጭስ ውስጥ እየዳበሱ መፈለግ ሊኖርባቸው ነው። የተጠሪነት ሥራችሁ ሁሉ የሚያርፈው ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ በማዘጋጀት ላይ ነው።

አላርሙ እንደጮኸ አንጸባራቂ ሰደርያችሁን ልበሱና ከመውጫው በጣም ከራቀው ጥግ ጀምሩ። ከሩቁ ጀምሮ ወደ ደረጃው እየመጡ ማየት ዋና ሕግ ነው። በተቃራኒው ከመውጫው የጀመረ ተጠሪ መጨረሻ ላይ ራሱን ከመውጫው በጣም ርቆ ያገኘዋል፤ ጭሱም በመካከል ሊገባ ይችላል። እያንዳንዱን በር ከፍታችሁ እዩ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ከዚያ ዝጉት፤ አትቆልፉት። የተዘጋ በር እሳትንና ጭስን ለጊዜው ይይዛል፣ የተቆለፈ በር ደግሞ ሰው ይይዛል። የተዘጋ በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከሞቀ ተዉት፣ ክፍሉንም አልታየም ብላችሁ ያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት መጸዳጃ ቤት፣ የሻይ ክፍል፣ የፋይል መጋዘንና በር የተዘጋበት የስብሰባ አዳራሽ ናቸው። ጆሮ ላይ ማዳመጫ የሰካ ሰው አላርም ላይሰማ ይችላል። ጽዳት ላይ ያሉ እህቶቻችን ደግሞ በየትኛውም ክፍል የሠራተኛ ዝርዝር ላይ ላይኖሩ ይችላሉ፤ በአደራ የምንጠይቃችሁ እነሱን እንዳትረሱ ነው።

ሊፍት ማንም አይጠቀምም፤ መብራት ከጠፋ በሁለት ፎቅ መካከል ይቆማል። ደረጃ መውረድ የማይችል ሰው ካለ ጭስ ወደሌለበት የደረጃ መተላለፊያ ውሰዱት፣ በሩን ዝጉ፣ አንድ ሰው አብሮት ይቆይ፣ ቦታውንም ለአስተባባሪው አስታውቁ። ወደ ደረጃው የሚያስገባውን በር በድንጋይ ወይም በወንበር ከፍቶ የማቆየት ልማድ ግን መቆም አለበት። በሩ ክፍት ከሆነ ደረጃው እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ከታች የተነሳውን ጭስ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ ይስበዋል፤ ሰው የሚወርድበት መንገድም ያኔ ያበቃል።

ስትወርዱ ለዋናው አስተባባሪ የምታቀርቡት ሪፖርት አጭር ይሁን፦ «አራተኛ ፎቅ፣ ሁሉም ክፍል ታይቷል፣ ባዶ ነው»። ወይም «አራተኛ ፎቅ፣ መጋዘኑ በጭስ ምክንያት አልታየም፣ ሌላው ባዶ ነው»። «ሁሉም የወጣ ይመስለኛል» የሚል ሪፖርት አንቀበልም። ያላያችሁትን አላየሁም ማለት ጥፋት አይደለም፤ እንዲያውም ለአዳኞቹ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። ጭስ ያለበት ውስጥ ግን ለማየት ብላችሁ አትግቡ።

አሁን ወደ መሰብሰቢያው ቦታ። በብዙ ሕንፃዎች መሰብሰቢያ ተብሎ ምልክት የሚተከልበት ከዋናው በር ፊት ለፊት ያለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ቅርብ ስለሆነ ይመረጣል እንጂ ቦታው ትክክል አይደለም፤ ከላይ የሚሰበረው መስታወት የሚወርደው እዚያ ነው፣ የእሳት አደጋ መኪናውም የሚገባው በዚያው ነው። ስለዚህ ለእኛ አንደኛው መሰብሰቢያ ከኋላው አጥር ዳር ያለው ሜዳ፣ ሁለተኛው ደግሞ ነፋሱ ጭሱን ወደዚያ ከነዳው የምንሄድበት የጎረቤት ግቢ ነው። በጎረቤት ግቢ ለመጠቀም ስምምነቱ በደብዳቤ መኖር አለበት፣ የሚያገናኘው በር ቁልፍም በጥበቃ ክፍሉ መሰቀል አለበት። በቃል ብቻ የተስማሙበት በር በችግር ቀን ጥበቃው ተቀይሮ ተዘግቶ ይገኛል።

ጥበቃዎች ሁለቱንም የግቢ በር ክንፎች ይከፍታሉ፤ ከምድር ቤት መኪናውን ይዞ ልውጣ የሚልን ግን ያስቆማሉ። አንድ መኪና በሩ ላይ ከቆመ የእሳት አደጋ መኪና መግቢያ ያጣል።

እንግዶችን ለመቁጠር በእጃችን ያለ ጥሩ መሣሪያ አለ፤ በር ላይ የምንይዘው መታወቂያ። እንግዳው ሲወጣ መታወቂያውን ስለሚወስድ ሳጥኑ ውስጥ የቀሩት መታወቂያዎች ውስጥ ያሉት እንግዶች ናቸው። ጥበቃው ሳጥኑን ይዞ ወደ መሰብሰቢያው ይምጣና እዚያ ስም እየጠራ ይመልስ፤ የሚቀርለት መታወቂያ የሚፈለግ ሰው ነው። በመኪና በምድር ቤት በኩል የሚገቡ እንግዶች ግን መታወቂያ ሳይተዉ ያልፋሉ። ይህ ቀዳዳ እስኪደፈን ድረስ የእንግዳ ቆጠራችን ሙሉ ነው ማለት አንችልም።

በመጨረሻ ስለ ልምምድ መዝገብ። «ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ» የሚል መዝገብ ምንም አያስተምርም። መዝገቡ ሰዓት ይያዝ፣ ሰዓቱም የአላርም ፓኔሉ ሰዓት ይሁን። በእኛ አቆጣጠር 4፡10 የሆነው ፓኔሉ ላይ 10፡10 ነው፤ አንዱ ተጠሪ በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከጻፈ ማነጻጸር አይቻልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አላርም 10፡10 ጮኸ፣ የመጨረሻው ሰው 10፡17 ወጣ፣ የመጨረሻው ሪፖርት 10፡25 ደረሰ እንበል። አብዛኛው ሰው የሚያየው ሰባቱን ደቂቃ ነው። የሚያሳስበው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ስምንት ደቂቃ ነው፤ ሕንፃው ባዶ ሆኖ ሳለ ባዶ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መዝገቡ የየፎቁን ሪፖርት ሰዓት ለየብቻ ከያዘ የዘገየው ስድስተኛ ፎቅ መሆኑ ይታያል። ሲጠየቅም ተጠሪው ዕረፍት ላይ ነበር፣ ሰደርያውና የክፍሎቹ ዝርዝር በተቆለፈ መሳቢያው ውስጥ ነበሩ፣ ተጠባባቂውም መፈለግ ያለበትን አላወቀም። መፍትሔው ከዚህ ይወጣል፦ ሰደርያና ዝርዝር በደረጃው በር አጠገብ ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ። መዝገቡ ላይም የሚሠራው ሰው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ መሠራቱን ያየው ሰው ፊርማ ይግባ። ቀጣዩ ልምምድ ሲደረግ በመጀመሪያ የሚነበበው ይህ መስመር ነው።

ከሰዓቱ ጋር አላርሙ ያልተሰማበት ክፍል፣ የተቆለፈ መውጫና ከመሰብሰቢያው ይልቅ መንገድ ተሻግሮ ካፌ የገባ ሠራተኛ ካለ ይጻፍ። አላርሙ መብራት በጠፋ ጊዜ በባትሪው መጮኹም ይፈተሽ፤ ጄኔሬተር አለን ብሎ መተማመን አይበቃም።

ቀጣዩን ልምምድ በምሳ ሰዓት እናደርገዋለን፤ ተጠሪዎች ከፎቃቸው የሚርቁት ያኔ ነውና። ዋናው ደረጃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ «እሳት» በሚል ጽሑፍ ይዘጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ በኋላው ደረጃ ይወርዳል። አሁን ከመውጣታችሁ በፊት እያንዳንዳችሁ የፎቃችሁን የክፍል ዝርዝር ውሰዱ፣ ዛሬ ከሰዓት ከተጠባባቂያችሁ ጋር ክፍል በክፍል ዙሩና የጎደለ ክፍል ካለ በእጃችሁ ጽፋችሁ መልሱልን።