መልሱ «መ» ሆኖ የሚጸናበት ምክንያት

የተከበራችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች፣

ለመውጫ ፈተና በምንዘጋጅበት በዚህ አዳራሽ ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን ተነሥቶ የመልስ ቁልፉ ተሳስቷል ሲል ሞግቶናል። ጥያቄው «በጆን ኮተር አከፋፈል የሊደርሺፕ ተግባር የሆነው የትኛው ነው?» የሚል ሲሆን፣ ምርጫዎቹ «ሀ» በጀት መደልደል፣ «ለ» ሠራተኛ ቀጥሮ መመደብ፣ «ሐ» አፈጻጸምን ከዕቅድ ጋር እያነጻጸሩ ማረም፣ «መ» ሰዎችን በአዲስ አቅጣጫ ዙሪያ ማሰለፍ ነበሩ። ቁልፉ «መ» ይላል። ወንድማችን ግን በጀት ወረቀት ነው፣ ሠራተኛ ሰው ነው፣ ከሰው ጋር የሚሠራ ሁሉ ይመራልና «ለ»ም ትክክል ነው ብሏል። ተገቢ መልስ የሚሻ ሙግት ነው።

የማኔጅመንት ምሁሩ ኮተር እ.ኤ.አ. በ1990 በማኔጅመንትና በሊደርሺፕ መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስቀምጥ፣ ማኔጅመንት ውስብስብ ሥራን በሥርዓት የማስኬድ፣ ሊደርሺፕ ደግሞ ለውጥን የማስተናገድ ጉዳይ ነው አለ። ሰው በሁለቱም ወገን አለ።

እስቲ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ የሽመና ክፍል አለ እንበል። የክፍሉ ኃላፊ ለሦስቱ ፈረቃዎች ስንት ሸማኔና ስንት ሜካኒክ እንደሚያስፈልግ ያሰላል፤ የጎደለውን ያስቀጥራል፤ ማን ለማን ሪፖርት እንደሚያደርግ ይወስናል፤ የሌሊት ፈረቃ ሰው ሲቀርበት ከቀኑ አንሥቶ ይተካል። የሚያዛቸው ሁሉ በእርሱ ሥር ያሉ ናቸው፤ ሥራውም የተዘረጋውን መዋቅር በብቁ ሰው መሙላት ነውና ማኔጅመንት ነው።

አሁን ደግሞ ፋብሪካው አቡጀዲ ማምረቱን ትቶ ውጭ አገር የሚሸጥ አንሶላ ሊያመርት ነው እንበል። ኃላፊው ሸማኔዎቹን ብቻ ሳይሆን የጥራት መርማሪዎችን፣ የክር አቅራቢዎችን፣ የሠራተኛ ማኅበሩንና የራሱን አለቆች ጭምር ስለ አዲሱ መንገድ ማሳመን አለበት። ከእነዚህ ብዙዎቹን ማዘዝ አይችልም። ይህ ካልተሠራ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ፤ ፈረቃው ሞልቶ፣ ሁሉም በየቦታው ቆሞ፣ ሸማኔው ግን እንደ ድሮው ሜትር ብቻ ይቆጥራል፤ መርማሪውም እንከን ያለበትን ጥቅል እየመለሰ ይጣላዋል። ምደባው ተሟልቷል፤ ማሰለፉ ግን ቀርቷል። «ለ» እና «መ» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

እኔን የሚያስቆጣኝ ይህ ጥያቄ ሳይሆን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ማጠቃለያ ነው። ማናጀርን ፊቱን ያጠቆረ አዛዥ፣ ሊደርን ደግሞ ሁሉም የሚወደው ደግ ሰው አድርጎ በሁለት ዓምድ የሚስል ወረቀት ተማሪውን ያሳስተዋል! ኮተር ያነጻጸረው ተግባርን እንጂ የሰውን ጠባይ አይደለም፤ አንድ ድርጅት ሁለቱም እንደሚያስፈልጉትም አስረግጦ ጽፏል። ወንድማችንም የተሳሳተው ከዚያ ወረቀት በወሰደው ሚዛን ነው።

ሌላው የማኔጅመንት ምሁር ሚንትዝበርግ መሪነትን ከማናጀር ዐሥር ሚናዎች አንዱ ያደርገዋልና፣ ጥያቄው «በኮተር አከፋፈል» ባይል ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር። ብሏልና ቁልፉ አይለወጥም።