41 ሺህ የተባለው ፕሌትሌቴ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በቅርቡ የደረሰብኝን አንድ ነገር ልነግራችሁ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኝ ስለነበር ሳልናገረው ማለፍ አልፈለግኩም።

አዲስ ሥራ ልጀምር ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጤና ምርመራ አምጪ አለኝ፣ የተለመደው ነው፣ ደም፣ ሽንት፣ ራጅ። ሰፈሬ ያለ ክሊኒክ ሄጄ ጠዋት ደም ሰጠሁና ጉዳዩን ረሳሁት። 34 ዓመቴ ነው፣ የሚያመኝ ነገር የለም፣ በየቀኑ የምወስደው መድኃኒትም የለም።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። «ዶክተሩ ሊያናግሩሽ ይፈልጋሉ፣ ዛሬውኑ ብትመጪ ጥሩ ነው» አለችኝ ልጅቷ። ዛሬውኑ የምትለዋ ቃል ጉልበቴን አራደችው።

ዶክተሩ ወረቀቱን አዙሮ አሳየኝ። ፕሌትሌት ከሚለው አጠገብ 41 ሺህ ይላል። የጤነኛ ሰው ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ነው፣ ያውም በአንዲት ማይክሮሊትር ደም ውስጥ፣ ማለትም ከጠብታም በጣም ባነሰች ደም። ፕሌትሌት ማለት ሽንኩርት ስንከትፍ ቢላው ጣታችንን ሲቆርጠው መጀመሪያ ደርሶ ቁስሉን የሚደፍነው የደማችን ክፍል ነው። እሱ በጣም ካነሰ ደም በቀላሉ አይቆምም።

ጠየቀኝ። ድድሽ ይደማል? አይደማም። ነስር? የለም። የወር አበባ በዝቶብሻል? እንደ ወትሮው ነው። ሳትመቺ ሰውነትሽ ይበልዛል? አይበልዝም። ከሁለት ዓመት በፊት የተመረመርኩት ወረቀት ስልኬ ላይ ነበርና አሳየሁት፣ 221 ሺህ ይላል። «በጣም ወርዷል ማለት ነው» አለ። ከሦስት ቀን በኋላ እዚያው ድጋሚ ተመረመርኩ፣ 36 ሺህ ሆነ። እኔም እሱም አመንን። ሰውነትሽ የራሱን ፕሌትሌት እያጠቃ ሊሆን ይችላል አለኝና ፕሬድኒሶሎን አዘዘልኝ። እንዲህ ያለ በሽታ በእርግጥ አለ፣ አንዱ መድኃኒቱም እሱ ነው። ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ነገ እጀምራለሁ ብዬ ነበር።

የዚያን ሰሞን ነገር በደንብ ትዝ ይለኛል። ማታ ማታ በስልኬ መብራት ቅልጥሜን እመረምራለሁ። ፕሌትሌት ሲያንስ ታች እግር ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ቀያይ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፣ ሲጫኗቸው አይጠፉም ሲባል ሰምቻለሁ። የትንኝ ንክሻ ባየሁ ቁጥር በብርጭቆ ቂጥ እጫነዋለሁ። ጥርሴን ስቦርሽ የተፋሁትን ውኃ አያለሁ። እማዬ በየቀኑ ቀይ ሥር ጨምቃ ታጠጣኛለች፣ ደም ይሞላል ብላ። ጠጣሁላት፣ ሌላ ምን ታድርግ፣ ልጇ ናት የታመመችባት።

እሁድ ከሰዓት አጎቴ ጋ ቡና ተጠራን። እዚያ አንድ የቤተሰብ ወዳጅ አለ፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ዕድሜውን በሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው። እማዬ ሳትችል ቀርታ ነገረችው። እሱ አልደነገጠም። ስኒውን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ ደምሽ የተቀዳበት ቱቦ ክዳኑ ምን ዓይነት ቀለም ነበር?»

ማንም ያልጠየቀኝ ጥያቄ ነበር። አሰብኩና «ሐምራዊ» አልኩት።

«ከተቀዳ በኋላ ስንት ሰዓት ቆየ?»

ክሊኒኩ ማሽን የለውም፣ ናሙናውን ሰብስቦ ሌላ ቦታ ይልካል። ጠዋት ነው የተቀዳሁት፣ ውጤቱ የወጣው አመሻሽ ላይ።

«በማይክሮስኮፕ ያየው ሰው አለ?»

ወረቀቱን አወጣሁለት። የማሽኑ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። «እንግዲያው ክኒኑን ከመዋጥሽ በፊት ለዶክተርሽ ደውዪና ደሙ በስላይድ እንዲታይ፣ በሰማያዊ ቱቦም እንዲቆጠር ጠይቂው» አለኝ። ሰኞ ጠዋት ደወልኩ። ዶክተሩም ምስጋና ይግባውና አልተቆጣም፣ ይታይ፣ እስከዚያ መድኃኒቱን አቆዪው አለ።

ትልቅ ላብራቶሪ ሄድኩ። አንዲት ጎበዝ ልጅ ከአንድ ክንድ፣ በአንድ መርፌ፣ ሁለት ቱቦ ሞላች፣ አንዱ ሐምራዊ፣ አንዱ ሰማያዊ። ሐምራዊውን ወዲያው ማሽኑ ውስጥ ከተተችው፣ 128 ሺህ አለ። ያንኑ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ አቆይታ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሳ ስታስቆጥረው 52 ሺህ። ያው ደም ነው እኮ! እኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው ቁጥር ግን ይወርዳል። ሰማያዊው 195 ሺህ ሰጠ። ሰማያዊው ቱቦ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠ ሲትሬት የሚባል ፈሳሽ አለ፣ ለዘጠኝ እጅ ደም አንድ እጅ ስለሆነ ደሙን ትንሽ ያቀጥነዋል፣ ስለዚህ ውጤቱ በ1.1 ይባዛል። 195 ሺህ በ1.1 ሲባዛ 214 ሺህ ተኩል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከነበረኝ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ቱቦው እስከ ምልክቱ ካልተሞላ ግን ይሄ ስሌት ስለማይሠራ ልጅቷ ምልክቱን ጎንበስ ብላ ስታይ ነበር።

ከዚያ ነይ እይ አለችኝ። ከሐምራዊው ቱቦ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አስለስላ ቀብታ፣ ቀለም ነክራ አድርቃዋለች። ማይክሮስኮፑን ደሙ እየሳሳ ወደሚያልቅበት ጠርዝ ወሰደችው። ቀይ የደም ሴሎቹ እንደ ሳንቲም ተበትነዋል። በመካከላቸው ወይን ጠጅ ቀለም ያላቸው ደቃቅ ነገሮች ሰላሳ አርባ ሆነው እንደ ወይን ዘለላ ተጠባብቀው ተጣብቀዋል። «ፕሌትሌቶችሽ እነዚህ ናቸው፣ የትም አልሄዱም» አለችኝ። እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም።

ታዲያ ምን ሆኖ ነው? ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ሥራውን የሚሠራው ደሙ ውስጥ ያለውን ካልሲየም በመያዝ ነው፣ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ነገር ግን ፕሌትሌት ገላው ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ቅርፁን የሚጠብቀው በካልሲየም ነው። ካልሲየሙ ሲወሰድ ፕሮቲኑ ይከፈትና ተሸፍኖ የነበረ ጎኑ ይገለጣል። አንዳንድ ሰው፣ ለምሳሌ እኔ፣ ደሙ ውስጥ ያንን የተገለጠ ጎን የሚይዝ ፀረ አካል አለው። ይይዝና ፕሌትሌቶቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ በቆየ ቁጥርም ይብሳል። ሰውነቴ ውስጥ ካልሲየም ስላለ ያ ጎን አይገለጥም፣ ስለዚህ ምንም አይሆንም። ነገሩ ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

ማሽኑ ደግሞ ሴሎቹን በጠባብ ቀዳዳ አንድ በአንድ እያሳለፈ በመጠናቸው ነው የሚለያቸው። በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቆጥር ዘበኛ አስቡ። አምስት ልጆች በአንድ ጋቢ ተጠቅልለው ቢያልፉ እንደ አንድ ትልቅ ሰው ይቆጥራቸዋል። የእኔም ዘለላ እንደ ፕሌትሌት አልተቆጠረም፣ አንዳንዱ ጭራሽ ነጭ የደም ሴል ተብሎ ተመዝግቧል። ለካ የመጀመሪያው ወረቀቴ ላይ ነጭ ደም ሴሌ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር፣ ማንም ልብ አላለውም። በሰማያዊው ቱቦ ሲታይ እሱም ልኩ ላይ ነው።

ይሄ ነገር ከሺህ ሰው አንድ ገደማ ላይ ይታያል። ከዚህ በፊት ደህና የነበረ ሰውም ፀረ አካሉ በኋላ ሊመጣበት ይችላል፣ ለዚህ ነው የድሮው 221 ሺህ ዶክተሩንም እኔንም ያሳሳተን። ድጋሚ መመርመሬም አልረዳኝም፣ ምክንያቱም ያው ቱቦ ነው፣ ያው ረጅም ቆይታ ነው። ደግሞ ሰማያዊው ቱቦ ውስጥም የሚጣበቅባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፣ የእነሱ ደም እንደተቀዳ ወዲያው መቆጠርና በስላይድ መታየት አለበት። አቀዳዱ አስቸግሮ ወይም ቱቦው ሳይገላበጥ ቀርቶ ትንሽ ከረጋም ቁጥሩ ይወርዳል፣ ያ ግን በድጋሚ ሲቀዳ ይስተካከላል።

እባካችሁ ግን አንድ ነገር ከእኔ ታሪክ እንዳትወስዱ። የኔ ቱቦ ነው ብላችሁ ውጤት አትጣሉ። ጋሼም ደጋግሞ የነገረኝ ይሄንን ነው። ስላይዱ ላይ ዘለላ ከሌለና ፕሌትሌቱ በዓይንም ጥቂት ከሆነ እውነት ወርዷል ማለት ነው። ወባ ያወርደዋል፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት በሽታ፣ ያበጠ ጣፊያ፣ አንዳንድ መድኃኒት፣ እርግዝናም ጭምር። ትኩሳት ካለ፣ ነጠብጣብ ከወጣ፣ ድድ ወይም አፍንጫ ከደማ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ ነው የሚኬደው። ከ10 ሺህ በታች ሲሆን ሳይቆረጡም ሊደማ ይችላል። በሌላ በኩል ሰውነቱ ራሱ የሚያጠቃበት ሰው እንኳ ከ30 ሺህ በላይ ሆኖ ካልደማ ብዙ ጊዜ ያለ መድኃኒት በክትትል ይቆያል። ፕሬድኒሶሎን ስኳር ያወጣል፣ ሆድ ያቃጥላል፣ አጥንት ያሳሳል። እኔ ይሄን ሁሉ ልቀበል የነበረው ቱቦ ውስጥ ለሆነ ነገር ነው፣ እሱን ሳስብ አሁንም ይከነክነኛል።

ውጤቱን ለዶክተሩ ወሰድኩለት። ስላይዱ ላይ የተጻፈውን ሁለቴ አነበበውና ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈው። ለእኔም በትንሽ ወረቀት ሰጠኝ፣ መታወቂያዬ ጀርባ አለ፦ «በኢዲቲኤ ፕሌትሌቷ ይጣበቃል፤ በሲትሬት ይቆጠር፤ ስላይድ ይታይ።» አንድ ቀን ብወልድ ወይም ኦፕራሲዮን ቢያስፈልገኝ 40 ሺህ አይተው ሳያስፈልገኝ ፕሌትሌት እንዳይሰጡኝ፣ ወይ ቀጠሮ እንዳይሰርዙብኝ ነው።

ክኒኑ እንደታሸገ ነው። እማዬ ቀይ ሥሩን አላቆመችም። ሥራውን ሰኞ ጀመርኩ።