የሪፖርቱ ድምር ከምን ጋር ይመሳከራል?

የተከበራችሁ የሒሳብና የሪፖርት ሠራተኞች፣ ከየክፍለ ከተማው የመጣችሁ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

እዚሁ ጎንደር በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት በራሴ እጅ ያዘጋጀሁትን የአንድ ወር የገቢ ሪፖርት ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ምንጩ ከቁጥር 4001 እስከ 4250 ያሉ 250 ደረሰኞች፣ ማለትም ባለ 50 ቅጠል አምስት ጥራዞች ነበሩ። ሪፖርቱ ገንዘቡን አራዳ፣ ፋሲል፣ ጃንተከል፣ ማራኪ፣ ዞብልና አዘዞ ብሎ በስድስት መስመር ይከፍላል፤ ከሥሩም 479,150 ብር የሚል ድምር ነበረው። ስድስቱን መስመሮች በካልኩሌተር ደግሜ ደመርኳቸውና ልክ ሆኖ ስላገኘሁት ፈረምሁ። ያረጋገጥሁት ግን ኤክሴል መደመር እንደሚችል ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ያዡ ባንክ ያስገባው 486,350 ብር ነውና።

የ7,200 ብሩ ልዩነት የት እንደገባ ለማወቅ ሪፖርቱን ከራሱ ጋር ሳይሆን ከምንጩ ጋር የሚያመሳክሩ ሁለት ቀመሮች ያስፈልጋሉ። በዳታው ገጽ A የደረሰኝ ቁጥር፣ B ክፍለ ከተማ፣ C የገንዘብ መጠን ነው፤ በሪፖርቱ ገጽ ደግሞ A የክፍለ ከተማውን ስም፣ B ገንዘቡን፣ C የደረሰኙን ብዛት ይይዛል።

```
=ROUND(SUM(B2:B7)-SUM(Data!C:C),2)
=SUM(C2:C7)-(COUNTA(Data!A:A)-1)
```

ሁለቱም ዜሮ መስጠት አለባቸው። ROUND የገባው ኤክሴል የሳንቲም ክፍልፋዮችን ሲደምር አንዳንዴ ከዜሮ በጥቂቱ የተዛነፈ ትርፍራፊ ስለሚተው ነው፤ አንድ የተቀነሰው ደግሞ ለርዕስ መስመሩ ነው። እኔ ዘንድ የመጀመሪያው −7200፣ ሁለተኛው −7 ሰጠ። ብዛቱ የስሕተቱን ዓይነት ስለሚጠቁም ሁለቱን አብሮ ማየት ይጠቅማል፤ ብሩ ጎድሎ ብዛቱ ልክ ቢሆን ኖሮ የሪፖርቱን የገንዘብ ቀመር እፈትሽ ነበር፤ ሁለቱም ከጎደሉ ግን ሪፖርቱ ያላያቸው መስመሮች አሉ ማለት ነው። እነሱን ለማግኘት በዳታው ገጽ ከእያንዳንዱ ደረሰኝ ጎን ይህን አስቀመጥሁ፦

```
=COUNTIF(Report!$A$2:$A$7,B2)
```

ዜሮ የወጣባቸውን በፊልተር ስለያቸው ሰባት ደረሰኞች ቀሩ። ሁሉም ላይ «ፋሢል» ተብሎ ተጽፏል፤ የሪፖርቱ መስመር ደግሞ «ፋሲል» ይላል። ለጆሯችን ሰና ሠ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው፤ የሁለት ጸሐፊዎች የአጻጻፍ ልማድ 7,200 ብር ከሪፖርት አስወጣ። ከስም በኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ይህንኑ ያደርጋል፤ እሱ በዓይን ስለማይታይ እንዲያውም ይብሳል።

ነገር ግን እነዚህ ቀመሮች የሚያዩት ወደ ኮምፒውተሩ የገባውን ብቻ ነው። አንድ ጸሐፊ መጠኑን «500 ብር» ብሎ በቃል ጭምር ቢያስገባ ሕዋሱ ጽሑፍ ይሆናል፤ የሪፖርቱ SUMIFS ይዘለዋል፣ SUMም ይዘለዋል፣ ልዩነቱ ዜሮ ይወጣል፣ 500 ብሩ ግን የለም። ስለዚህ ማመሳከሪያው ድምር ከዳታው ውጭ መምጣት አለበት። እኔ አሁን ዳታውን ከመክፈቴ በፊት የባንክ ገቢ ስሊፑን ድምር በሪፖርቱ E1 ላይ በእጄ እጽፋለሁ፤ ከዚያ የዳታውን ድምር ከእሱ ጋር አመሳክራለሁ፦

```
=ROUND(SUM(Data!C:C)-E1,2)
=SUM(Data!A:A)-1031375
```

ሁለተኛው ቀመር ብዙ ሰው የሚስቅበት ነው፤ የደረሰኝ ቁጥር ተደምሮ ምን ይሆናል? በራሱ ምንም ትርጉም የለውም። ሆኖም ከ4001 እስከ 4250 ያሉት ቁጥሮች ሲደመሩ 1,031,375 መሆናቸውን ከጥራዞቹ ብቻ ማስላት ይቻላል፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ተደምሮ በ125 ይባዛል። ደረሰኝ 4117 ሁለት ጊዜ ገብቶ 4118 ቢዘለል፣ ሁለቱም የ500 ብር ከሆኑ ገንዘቡም ብዛቱም ልክ ይመጣል፤ የቁጥሮቹ ድምር ግን በአንድ ያንሳል። ይህ እንዲሠራ የተሰረዘ ደረሰኝም በ0 ብር መመዝገብ አለበት፤ እኛ ዘንድ መጀመሪያ ላይ ያስቸገረው ይኸው ነበር።

ልዩነት ሲወጣ «ልዩ ልዩ» የሚል ሰባተኛ መስመር ከፍታችሁ ጎደሎውን እዚያ የምትጥሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ያን ጊዜ ቀመሩን አዲሱን መስመር እንዲያካትት ስታሰፉት ዜሮ ይላል፤ ሰባቱ ደረሰኞች ግን አሁንም የፋሲል አይደሉም።

አንድ ነገር ከእነዚህ ሁሉ ያመልጣል። የማራኪው ደረሰኝ በአዘዞ ስም ቢመዘገብ ገንዘቡም፣ ብዛቱም፣ የቁጥሮቹም ድምር ዜሮ ልዩነት ያሳያል። ለዚያ ያገኘሁት መንገድ በየወሩ ከየጥራዙ አምስት ቅጠል መዝዤ በደረሰኙ ላይ ያለውን አድራሻ ከዳታው መስመር ጋር በዓይኔ ማስተያየት ነው፤ ለ25 ደረሰኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል።